ሦስት ኦሪጅናል፣ አንድ ጭነት

ከባሕር ማዶ ዕቃ ያስመጣ ወይም ቡና የላከ ሰው ቢል ኦፍ ሌዲንግ የሚባለውን ወረቀት ያውቀዋል። በነጋዴውና በትራንዚተሩ አፍ «ቢኤል» ነው። ከላይ የላኪው፣ የተቀባዩና የመርከቡ ስም፣ መካከሉ ላይ የዕቃው ዝርዝር፣ ከታች ቀንና ፊርማ ይዟል፤ ጀርባው ደግሞ ዓይን በሚያደክም ጥቃቅን ጽሑፍ የተሞላ ነው። ብዙ ሰው የሚያየው የኮንቴይነሩን ቁጥርና ኪሎውን ነው። ከፊርማው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ሳጥን ልብ የሚላት ጥቂት ነው። «የኦሪጅናሎች ብዛት» ትላለች፤ ውስጧም አብዛኛውን ጊዜ «ሦስት» ተብሎ ተጽፏል። ከእሷ ብዙም ሳይርቅ ካፒቴኑ ወይም ወኪሉ ይዘታቸውና ቀናቸው አንድ የሆነ ይህን ያህል ቢኤል መፈረሙን፣ ከመካከላቸው በአንዱ ዕቃው ከተሰጠ የቀሩት ዋጋ እንደማይኖራቸው የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር አለ።

ነገሩን ላሰበው ሰው እንግዳ ነው። ቼክ በሦስት ኦሪጅናል አይፈረምም። በሚሊዮን ብር የሚቆጠር ዕቃ የሚያስረክብ ወረቀት ግን በሦስት ይፈረማል፤ ሦስቱም እኩል ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ዕቃውን ያስወጣል። ይህ ልማድ ከየት መጣ? ምን ጉዳት አደረሰ? ዛሬስ ለምን አልቀረም? ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ግን ወረቀቱ የሚያረጋግጠውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሦስቱ ኦሪጅናሎች ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ነው።

ቢኤል ከሁሉ በፊት ደረሰኝ ነው። የመርከብ ድርጅቱ ይህን ያህል ጆንያ፣ ይህን ያህል ካርቶን፣ በዚህ ምልክት፣ በውጭ ሲታይ በደህና ሁኔታ ላይ ያለ ዕቃ ተረክቤ በዚህ ቀን በዚህ መርከብ ላይ ጭኛለሁ ይላል። «በውጭ ሲታይ» የምትለዋ ቃል ትልቅ ቦታ አላት። ካፒቴን ጆንያ አይፈታም፤ ካርቶን አይቀድም። ጆንያው እርጥብ ከሆነ፣ በርሜሉ የሚያፈስ ከሆነ ይጽፋል፤ ውስጡ ያለው ቡና የየትኛው ደረጃ እንደሆነ ግን አያውቅም፣ ቢኤሉም አይመሰክርም። በኮንቴይነር ዘመን ደግሞ ይህ ምስክርነት ይበልጥ ጠቧል። ላኪው በራሱ መጋዘን ሞልቶና አሽጎ ያመጣውን ኮንቴይነር የመርከብ ድርጅቱ የሚያየው ከውጭ ብቻ ነው። ስለዚህ ቢኤሉ ላይ ላኪው ራሱ እንደጫነውና እንደቆጠረው፣ በውስጡም ይህ ዕቃ እንዳለ «እንደተነገረ» ይጽፋል። አምስት መቶ ካርቶን የሞባይል ቀፎ ይጠብቅ የነበረ አስመጪ ኮንቴይነሩን ሲከፍት ጡብ ቢያገኝ፣ ማኅተሙ እስካልተነካና ቁጥሩ እስከተመሳሰለ ድረስ፣ እንዲህ በተጻፈ ቢኤል የመርከብ ድርጅቱን መርታት እጅግ ከባድ ነው። ጠቡ ከሻጩ ጋር ነው።

ለዚህም ነው «ንጹሕ» ቢኤልና አስተያየት የተጻፈበት ቢኤል በገበያ ላይ የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቁት። በሌተር ኦፍ ክሬዲት፣ ማለትም ሁሉም በሚያውቀው ስሙ በኤልሲ፣ ባንክ የሚከፍለው ለንጹሑ ነው። ስለዚህ ላኪዎች ካፒቴኑን የሚለምኑበት ጊዜ አለ። በለንደን ፍርድ ቤት በ1957 የተወሰነ አንድ ጉዳይ የታወቀ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አንድ መቶ በርሜል የብርቱካን ጭማቂ ከለንደን ወደ ሃምቡርግ ሊጫን ሲል በርሜሎቹ ያረጁና የሚያፈሱ መሆናቸውን ቆጣሪው መዘገበ። ላኪው ግን «ንጹሕ ቢኤል ስጡኝ፤ የሚመጣባችሁን ዕዳ እኔ እከፍላለሁ» ብሎ የኃላፊነት ደብዳቤ ጻፈ። የመርከቡ ወገን ተቀበለ። ሃምቡርግ ላይ ተቀባዩ ካሣ ጠየቀ፤ የመርከቡ ወገን ከፈለና ወደ ላኪው ዞረ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን ደብዳቤው ማታለልን ለመሸፈን የተጻፈ ነውና አይጸናም አለ። ውሸት የፈረመው በኪሱ ከፈለ።

ካፒቴኑ የጻፈው ነገር ምን ያህል ይይዘዋል? በ1924 በብራስልስ የወጡት የሄግ ደንቦች እንደሚሉት ቢኤሉ ዕቃው በተጻፈው መሠረት ለመጫኑ ማስረጃ ነው፤ የመርከብ ድርጅቱ ግን ተቃራኒውን ማስረዳት ይችላል። በ1968 የመጣው ማሻሻያ ወረቀቱ በቅን ልቦና ወደ ሦስተኛ ሰው እጅ ከተላለፈ በኋላ ይህን በር ዘጋው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ላኪው ራሱ ስንት ጆንያ እንዳመጣ ያውቃል፤ ቢኤሉን ከላኪው የገዛ ሰው ግን ከወረቀቱ ሌላ የሚያየው ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ ቢኤል የማጓጓዣ ውል ማስረጃ ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የጀርባው ጥቃቅን ጽሑፍ ውሉ ነው፦ የትኛው ሕግ እንደሚገዛው፣ ክስ የት እንደሚቀርብ፣ ለጠፋ ዕቃ እስከ ስንት እንደሚከፈል። የመክሰሻው ጊዜ በአብዛኛው አንድ ዓመት ብቻ መሆኑን ያላነበበ ነጋዴ በዓመት ከአንድ ወሩ ጠበቃ ቤት ሲሄድ ያነበዋል።

ሦስተኛውና ቢኤልን ከሌላው ደረሰኝ ሁሉ የሚለየው ነገር ወረቀቱ በዕቃው ቦታ መቆሙ ነው። መርከቡ ባሕር ላይ ሳለ ዕቃውን ማንም አይነካውም፤ ወረቀቱ ግን ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ቢኤሉ «ለእገሌ ወይም እሱ ለሚያዘው» ተብሎ ከተጻፈ፣ እገሌ ጀርባው ላይ ፈርሞ ለሌላ ሲሰጠው ዕቃውን የመረከብ መብት አብሮ ይሻገራል። እንደ ሽያጩ ወይም እንደ ብድሩ ሐሳብም ባለቤትነቱ ወይም መያዣነቱ አብሮ ያልፋል። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ይህን የነጋዴ ልማድ ሕግ አድርገው የተቀበሉት በ1787 በጀመረውና ዓመታት በፈጀው የሊክባሮውና የሜሰን ክርክር ነው። ባንክ ባሕር ላይ ባለ ስኳር ወይም ጥጥ ገንዘብ ማበደር የቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ መያዣው በእጁ ያለው ወረቀት ነው። የመርከብ ድርጅቱም በወደቡ ዕቃውን የሚሰጠው ለተራ ሰው አይደለም፤ ኦሪጅናሉን ይዞ ለመጣው ነው። በስም የሚጠራው ተቀባይ ራሱ ቢመጣ ወረቀቱ ከሌለው ባዶ እጁን ይመለሳል።

እንግዲህ ወረቀቱ ዕቃው ከሆነ ዕቃው አንድ ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ለምን ሦስት ሆነ?

መልሱ በሸራ መርከብ ዘመን ነው። ያኔ ደብዳቤም የሚሄደው በመርከብ ነበር፤ መርከብ ይሰምጣል፣ ይማረካል፣ ነፋስ አጥቶ ለሳምንታት ይቆማል። ላኪው አንዱን ኦሪጅናል ለራሱ ያስቀራል፣ ሌላውን ለተቀባዩ በአንድ መርከብ ይልካል፣ ሦስተኛውን በሌላ መርከብ ወይም ዕቃውን በጫነው ካፒቴን ቦርሳ ይሰድዳል። አንዱ ቢጠፋ አንዱ ይደርሳል። ነገር ግን ለተቀባዩ የሚደርሰው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ስለማይታወቅ እያንዳንዱ ለብቻው ሙሉ ኃይል ሊኖረው ግድ ነበር። አለዚያ የጥንቃቄው ትርጉም ምንድን ነው? ያቺ «በአንዱ ከተሰጠ የቀሩት ዋጋ የላቸውም» የምትለው ዐረፍተ ነገር የተወለደችው ለካፒቴኑ ጥበቃ ነው፤ ሦስት ጊዜ ቢፈርምም የሚያስረክበው አንድ ጊዜ ነው።

ዘዴው መጥፋትን ይከላከላል። ለማታለል ግን በር ይከፍታል፤ ሦስቱን የያዘ ሰው አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ማስያዝ ይችላልና። ይህን የሚያሳይ ከሜሪ ጆንስ መርከብ ስኳር የተሻለ ታሪክ አላውቅም።

በ1878 ከጃማይካ ወደ ለንደን ሃያ ትልልቅ በርሜል ስኳር በሜሪ ጆንስ ተጫነ። ካፒቴኑ «አንደኛ»፣ «ሁለተኛ»፣ «ሦስተኛ» የሚል ምልክት ያለባቸውን ሦስት ቢኤሎች ፈረመ። ዕቃው የሚሰጠው ለንደን ላሉት ለኮታምና ኩባንያው ወይም እነሱ ለሚያዙት ሰው ነበር። የመርከብ ኪራዩ የሚከፈለውም ለንደን ላይ ነው። መርከቡ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ኮታም ግሊን ሚልስ ከተባለ ባንክ ብድር ወሰደና መያዣ እንዲሆን «አንደኛ» የሚለውን ቢኤል ጀርባው ላይ ፈርሞ ሰጠ። ባንኩ ያንን አንዱን ይዞ ዝም አለ።

መርከቡ ለንደን ደረሰ። ስኳሩ የኢስትና ዌስት ኢንዲያ ዶክ ኩባንያ መጋዘን ገባ። ኪራዩ ገና ስላልተከፈለ ካፒቴኑ እስኪከፈለው ድረስ እንዳይሰጥ የሚል ማስታወቂያ አስቀመጠ። ኮታም «ሁለተኛ» የሚለውን ቢኤል ይዞ ቀረበ። በስሙ የተጻፈ ስለሆነ በጀርባው የማንም ፊርማ አያስፈልገውም ነበር፤ የዶክ ኩባንያውም የስኳሩ ባለቤት ብሎ በመዝገብ አሰፈረው። በኋላ የኪራዩ እገዳ ተነሣ። ኮታም ለሌሎች ሰዎች የማስረከቢያ ትእዛዝ እየፈረመ ሰጠ፤ ስኳሩም ወጣ። የዶክ ኩባንያው ስለ ባንኩ ምንም አልሰማም።

ባንኩ «አንደኛ»ውን ይዞ ሲመጣ መጋዘኑ ውስጥ ስኳር የለም። የዶክ ኩባንያውን ከሰሰ። ነገሩ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ሄዶ በ1882 ተወሰነ፤ ባንኩ ተረታ። ጌቶቹ የተመለከቱት ውሉ ምን ቃል እንደገባ ነው። ውሉ ከሦስቱ በአንዱ አስረክብ፣ ያኔ የቀሩት ይወድቃሉ ይላል። ስለዚህ የሌላ ሰው መብት መኖሩን ሳያውቅ፣ በቅን ልቦና፣ መጀመሪያ ለቀረበለት ኦሪጅናል ያስረከበ ካፒቴን ወይም በእሱ ቦታ የቆመ መጋዘን ግዴታውን ፈጽሟል። «የቀሩት ሁለቱ የት አሉ?» ብሎ የመጠየቅ ግዴታ የለበትም።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች መለየት አለባቸው፤ ብዙ ሰው ያቀላቅላቸዋል። አንዱ ዕቃው የማን ነው የሚለው ነው። በዚህ ላይ የጌቶች ምክር ቤት ራሱ በ1870 ከማድራስ የመጣ ጥጥን በሚመለከት ጉዳይ መልስ ሰጥቶ ነበር። አንድ ሰው ሁለቱን ኦሪጅናል ለአንድ አበዳሪ፣ ሦስተኛውን ቆይቶ ለሌላ አስይዞ ነበር፤ የቀደመው አበዳሪ አሸነፈ። ስለዚህ ግሊን ሚልስም ከኮታም ይልቅ በስኳሩ ላይ መብት ነበረው። ሌላው ጥያቄ ዕቃውን ያስረከበው ሰው ይጠየቃል ወይ የሚለው ነው፤ የሜሪ ጆንስ መልስ አይጠየቅም ነው። ባንኩ መብቱ አልጠፋም፤ የሚከፍለው ሰው ግን ጠፋበት። ኮታምን እንዳይከስ የከለከለው የለም፤ ግን መጀመሪያውኑ ያታለለው እሱው ኮታም ነው።

መፍትሔው በባንኩ እጅ ነበር። ሦስቱንም ኦሪጅናሎች ካልተቀበልኩ አላበድርም ማለት ይችል ነበር፤ ወይም መርከቡ ሳይደርስ መያዣ እንዳለው ለመርከቡና ለዶኩ ማስታወቅ ይችል ነበር። ማስታወቂያ ከደረሰ ነገሩ ይለወጣል፤ ሌላ ሰው መብት እንዳለው እያወቀ የሚያስረክብ አጓጓዥ በራሱ ኃላፊነት ነው፤ የሚሻለውም ዕቃውን ይዞ ጠያቂዎቹን ፍርድ ቤት እንዲለያዩ ማድረግ ነው።

ከዳኞቹ አንዱ የነበሩት ሎርድ ብላክበርን በዚያው ፍርድ ላይ ነጋዴዎችና ባለ መርከቦች ይህን ልማድ ለምን እንደማይተዉ ሊገባቸው አለመቻሉን ጻፉ። በመደበኛ ጊዜ የሚመላለስ እንፋሎት መርከብና ቴሌግራፍ ካለ በኋላ አንድ ኦሪጅናል ብቻ ፈርሞ የቀረውን የተረጋገጠ ኮፒ ማድረግ ይበቃል ነው ሐሳባቸው። ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ነጋዴው ግን አልሰማቸውም። ከአንድ መቶ አርባ ዓመት በላይ አልፎ ሳጥኗ ውስጥ አሁንም «ሦስት» ይጻፋል።

ዳኛው ያሉት ሳይሆን ሲቀር ባንኮች በሌላ መንገድ ሄዱ። ሦስቱን ማስቀረት ካልተቻለ ሦስቱንም ሰብስቦ መያዝ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ኤልሲ የሚገዛው የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ፣ ከሐምሌ 2007 ጀምሮ የሚሠራበት ስድስት መቶኛ እትም፣ በሃያኛው አንቀጹ ቢኤሉ አንድ ኦሪጅናል ብቻ ከሆነ ያንን፣ ከአንድ በላይ ከሆነ በቢኤሉ ላይ የተጻፈውን ሙሉ ስብስብ እንዲቀርብ ያዝዛል። ያቺ ትንሽ ሳጥን ሥራዋ እዚህ ነው። የባንኩ ሠራተኛ «ሦስት» የሚለውን ያያል፤ ሦስት ወረቀት ይቆጥራል። ሁለት ብቻ ካለ ሰነዱ ዲስክሬፓንሲ አለበት፤ ክፍያ ይቆማል። የእኛ ባንኮች ኤልሲ ሲከፍቱም «3/3» ብለው የሚጽፉት ይህንኑ ነው።

ኤልሲ በሌለበት ተራ ሽያጭ ግን ነገሩ እንዲህ ግልጽ አይደለም። በ1883፣ ከሜሪ ጆንስ ፍርድ በኋላ በዓመቱ፣ ሻጩ ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ አቅርቦ ገዢው አልቀበልም ያለበት ጉዳይ ለንደን ላይ ቀረበ። ይግባኝ ሰሚው ሁለቱ ይበቃሉ፣ ገዢው መቀበል ነበረበት አለ። ሦስተኛው አላግባብ እስካልዋለ ድረስ አንዱም ቢሆን ዕቃውን ያስረክባልና። ስለዚህ ሙሉ ስብስብ የሚፈልግ ገዢ በውሉ ላይ ማጻፍ አለበት።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ጉዳዩ ከአስመጪው ይልቅ ላኪውን ያሳስበኛል። እንበል አንድ ቡና ላኪ ሦስት መቶ ሃያ ጆንያ፣ በጆንያ ስልሳ ኪሎ፣ በአጠቃላይ 19,200 ኪሎ የታጠበ ቡና በአንድ ባለ ሃያ ጫማ ኮንቴይነር ከጅቡቲ ወደ ሃምቡርግ ጫነ። የክፍያው መንገድ ሰነድ ሲቀርብ የሚከፈልበት፣ ሲኤዲ የሚባለው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ላኪው ሦስቱን ኦሪጅናል ከኢንቮይሱና ከሌሎች ሰነዶች ጋር ለአዲስ አበባ ባንኩ ያስረክባል። ባንኩ ወደ ሃምቡርግ ባንክ ይልካል። ገዢው ሲከፍል ሰነዱ ይሰጠዋል፤ ሰነዱን ለመርከብ ድርጅቱ ወኪል አቅርቦ ቡናውን ይወስዳል። ገንዘብና ዕቃ የሚገናኙት በወረቀቱ ላይ ነው።

አሁን ገዢው ይደውላል። «መርከቡ ከሰነዱ በፊት ሊደርስ ነው። የወደብ ኪራይ ይቆጠርብኛል። አንዱን ኦሪጅናል በፈጣን መልእክት በቀጥታ ላክልኝ፤ ሁለቱ በባንክ ይምጡ።» ጥያቄው ክፉ አይመስልም፤ የተለመደም ነው። አጭር ጉዞ ባለበት ንግድ ኤልሲው ራሱ ከሦስቱ አንዱ በቀጥታ ለገዢው ይላክ የሚልበት ጊዜ አለ። ላኪው ግን ያን አንዱን ጀርባው ላይ ፈርሞ ሲልክ የላከው ቡናውን ነው። ገዢው በዚያ አንድ ወረቀት ኮንቴይነሩን ያወጣል፤ የመርከብ ድርጅቱ እንደ ዶክ ኩባንያው ግዴታውን ፈጽሟል፤ ባንክ ውስጥ የተቀመጡት ሁለቱ ኦሪጅናሎች ባዶ ወረቀት ሆነዋል። ገዢው ሐቀኛ ከሆነ ይከፍላል። ካልሆነ የሃምቡርግ ባንክ በየሳምንቱ «ሰነዱን ገዢው አልወሰደም» እያለ ይጽፋል፤ ሊወስደው ምን አስቸኮለው?

እንዲህ ያለው ነገር በጊዜ የሚታወቅበት መንገድ አለ። አብዛኞቹ የኮንቴይነር መስመሮች የኮንቴይነሩን ቁጥር ላስገባ ሰው የት እንዳለ ያሳያሉ። ሰነዱ ገና ሳይከፈልበት ኮንቴይነሩ ከሃምቡርግ ወደብ ወጥቷል ካለ፣ ወይም ባዶውን ተመልሷል ካለ፣ ዕቃው በሌላ ወረቀት ወይም ያለ ወረቀት ተሰጥቷል ማለት ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ጠቡ ከገዢው ጋር ነው፤ ሁለተኛው ከሆነ የመርከብ ድርጅቱ ራሱ ይጠየቃል። ልዩነቱን ለማወቅ የራስን ሦስት ኦሪጅናሎች መቁጠር ይበቃል።

ላኪው አንዱን ወረቀት ያለ ፍርሃት ለመላክ ከፈለገ ደግሞ ተቀባይ በሚለው ቦታ የገዢውን ስም ሳይሆን «ለሃምቡርጉ ባንክ ትእዛዝ» ብሎ ማስጻፍ አለበት። ያኔ ገዢው ኦሪጅናሉ በእጁ ቢኖርም የባንኩ ፊርማ ጀርባው ላይ ከሌለ አይሠራለትም። ወደ ኢትዮጵያ በሚገባ ዕቃ ይህ የተለመደ ነው፤ ቢኤሉ በባንኩ ትእዛዝ ይጻፋል፣ አስመጪው «የሚነገረው ወገን» ተብሎ ይጠቀሳል። አስመጪው የባንኩን ጉዳይ ሲጨርስ ባንኩ ጀርባው ላይ ፈርሞ ይሰጠዋል፤ ትራንዚተሩም በዚያ ወረቀት ዲሊቨሪ ኦርደር ያወጣል። የማስረከቢያው ቦታ ጅቡቲ ይሁን ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚወሰነው በቢኤሉ ላይ በተጻፈው ነው።

ያለ ምንም ወረቀት ዕቃ መስጠትስ? ይህም በየቀኑ ይደረጋል፤ መርከብ ከፖስታ እየፈጠነ ስለመጣ። ገዢው፣ አብዛኛውን ጊዜም ባንኩ አብሮት፣ «ቢኤሉ ሲደርሰን እናመጣለን፤ ጉዳት ቢደርስባችሁ እንከፍላለን» የሚል ደብዳቤ ይፈርማል፤ የመርከብ ድርጅቱም ዕቃውን ይለቃል። ከእንግሊዝ ወደ ሲንጋፖር የተላከ የብስክሌት ዕቃ እንዲህ ተለቅቆ ገዢው ሳይከፍል ቀረ። በ1959 በለንደን ጉዳዩን የተመለከተው የንጉሣዊው ምክር ቤት ዳኞች ቡድን ያለ ቢኤል ያስረከበ የመርከብ ድርጅት በጀርባው ጥቃቅን ጽሑፍ ውስጥ የቱንም ያህል መከላከያ ቢጽፍ አያመልጥም አለ። እንግዲህ አጓጓዡ ያለበት ቦታ ይህ ነው፦ ከሦስቱ አንዱን ካየ በቅን ልቦና ሰጥቶ ነጻ ነው፤ ምንም ሳያይ ከሰጠ ሙሉውን ዋጋ ይከፍላል።

አንድ የተለየ ሁኔታ አለ። ዕቃው ሃምቡርግ እንዲሰጥ ተጽፎ ሳለ ባለ መብት ነኝ ያለ ሰው በመንገድ ላይ አንትወርፕ ስጡኝ ቢል፣ የመርከብ ድርጅቶች አንዱን ኦሪጅናል አይቀበሉም፤ ሦስቱንም ይጠይቃሉ። በአንዱ አስረክባለሁ የሚለው ቃል የተገባው በተጻፈው ወደብ ነው። ሌላ ኦሪጅናል የያዘ ሰው ሃምቡርግ ቆሞ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የጥንቱ ምክንያት ራሱ ዛሬ በተግባር መፍረሱ ነው። ሦስት የሚፈረመው በተለያየ መንገድ እንዲሄዱ ነበር። አሁን ባንኩ ሙሉ ስብስብ ስለሚፈልግ ሦስቱም በአንድ ፖስታ ይታሸጋሉ፤ ፖስታው ከጠፋ ሦስቱም አብረው ይጠፋሉ። አንዳንድ ባንኮች በሁለት ተከታታይ መልእክት ይከፍሏቸዋል፤ እነዚህ የልማዱን ትርጉም የሚያስታውሱ ናቸው። ሦስቱ ሲጠፉ አዲስ ስብስብ የሚፈርም የመርከብ ድርጅት በቀላሉ አይገኝም፤ የጠፉት ነገ በሌላ ሰው እጅ ሊመጡ ይችላሉና። ከዕቃው ዋጋ የሚበልጥ የባንክ ዋስትና ይጠይቃል፣ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ። እስከዚያ ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ኪራይ ይቆጥራል።

ለብዙ ጭነት ቀላሉ መንገድ እንዲህ ያለውን ወረቀት ጨርሶ አለመጠየቅ ነው። በአንድ ኩባንያ ቅርንጫፎች መካከል ለሚሄድ ወይም ቀድሞ ለተከፈለበት ዕቃ የባሕር ዌይቢል ይበቃል። ደረሰኝና ውል ነው፤ በእጅ መያዙ ግን መብት አይሰጥም፤ ተቀባዩ ማንነቱን አሳይቶ ይወስዳል። ሌላው «ቴሌክስ ሪሊዝ» የሚባለው ነው፤ ላኪው ሦስቱንም ኦሪጅናል በመነሻው ወደብ ላለው ወኪል ይመልሳል፣ ወኪሉም በመድረሻው ላለው ባልደረባው ያለ ወረቀት ልቀቅ ብሎ ይጽፋል። ቴሌክሱ ራሱ ከሞተ ቆይቷል፤ ስሙ ቀርቷል።

ኤሌክትሮኒክ ቢኤል ደግሞ ብላክበርን የጠየቁትን በሌላ በር እያስገባው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የንግድ ሕግ ኮሚሽን በ2017 ያወጣው ሞዴል ሕግና እንግሊዝ ከመስከረም 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ አንድ ዓይነት ነገር ይጠይቃሉ፦ ሰነዱ በአንድ ጊዜ በአንድ ባለ መብት ቁጥጥር ሥር ብቻ መሆን አለበት። ለሌላው ሲተላለፍ ከቀድሞው እጅ ይወጣል። ይህ ከሆነ «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ» የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም። ትልልቅ የኮንቴይነር መስመሮችም ቢኤሎቻቸውን እስከ 2030 ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሮኒክ እንደሚያደርጉ በ2023 አስታውቀዋል። እስከዚያው ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ በወረቀት የተፈረመን ቢኤል በመንገድ ላይ ወደ ኤሌክትሮኒክ መለወጥም ይቻላል። ለዚህ ግን የመርከብ ድርጅቱ መጀመሪያ ሦስቱንም ኦሪጅናሎች ተረክቦ ይሰርዛል፤ ሁለቱን ብቻ ያቀረበ አይለወጥለትም።